የአውንስን ዋጋ ወደ ግራም ስቀይር ወርቅ ቤቱ ከዓለም ዋጋ በታች የሚሸጥልኝ ሆነብኝ፤ የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?

የማራኪው ልጅ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ነው የምጽፈው። ለእህቴ ሠርግ ሐብል ልገዛላት ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ ነበር። የመረጥኩት ባለ 18 ካራት ሐብል ሲሆን፣ በሚዛን 12.4 ግራም እንደሚመዝን ተነግሮኛል። የተጠየቅኩት ዋጋ የእጅ ዋጋን ጨምሮ በግራም 15,600 ብር፣ በድምሩ 193,440 ብር ነው።

ከመክፈሌ በፊት ዋጋውን ራሴ ላጣራ ብዬ ስልኬ ላይ XAU/USD የሚለውን ፈለግኩ፤ በአውንስ 4,000 ዶላር ይላል። የዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ደግሞ 150 ብር ነበር። አንድ አውንስ 28.35 ግራም መሆኑን ስለማውቅ 4,000ን ለ28.35 አካፍዬ በ150 አበዛሁት። 18 ካራት ከ24ቱ ሦስት አራተኛ ስለሆነ ውጤቱን በ0.75 ስመታው 15,873 ብር ሆነልኝ። እንግዲህ በዚህ ሂሳብ ሰውዬው የእጅ ዋጋ ጨምሮበት እንኳ ከወርቁ የዓለም ዋጋ በ273 ብር አሳንሶ ሊሸጥልኝ ነው። ማንም ነጋዴ ከስሮ እንደማይሸጥ ስለማውቅ ወርቁ የተባለውን ያህል ንጹሕ ባይሆን ነው ብዬ ተጠራጥሬያለሁ። ሐብሉን ትቼ ወጥቻለሁ። ጥርጣሬዬ ትክክል ነው ወይስ ሂሳቡ ላይ ያጠፋሁት ነገር አለ?

ደብተር ያዥ

ወንድሜ፣ የሂሳብህ አካሄድ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ያካፈልክበት ቁጥር ብቻ ነው። 28.35 ግራም የዱቄትና የቅመም፣ በጠቅላላው የተራ ዕቃ አውንስ ነው። ወርቅ፣ ብርና ፕላቲነም በዓለም ገበያ የሚጠሩት ግን በትሮይ አውንስ ሲሆን፣ እርሱ 31.1035 ግራም ይመዝናል። ስልክህ ላይ ያየኸው XAU የሚለው ምልክትም የሚወክለው አንድ ትሮይ አውንስ ወርቅን ነው። ገጹ «ትሮይ» የሚለውን ቃል ባይጽፈውም ሌላ አውንስ ሊሆን አይችልም።

የአንተን ቁጥሮች ሳልነካ እንደገና ልሥራው።

```
4000 / 31.1035 = 128.60        (ዶላር በግራም፣ 24 ካራት)
128.60 * 150   = 19,290        (ብር በግራም፣ 24 ካራት)
19,290 * 18/24 = 14,468        (ብር በግራም፣ 18 ካራት)
```

ስለዚህ በሐብሉ አንድ ግራም ውስጥ ያለው ወርቅ 14,468 ብር ያወጣል እንጂ 15,873 አያወጣም። የተጠየቅከው 15,600 ከወርቁ ዋጋ በ1,132 ብር ይበልጣል፤ ይህም ወደ 8 በመቶ ገደማ ነው። ለሙሉው ሐብል ስናሰላው ደግሞ የወርቁ ዋጋ 179,403 ብር ይሆናል፤ ቀሪው 14,000 ብር ገደማ የእጅ ዋጋና የወርቅ ቤቱ ትርፍ መሆኑ ነው። ሰውዬው እየከሰረ ሊሸጥልህ አልነበረም።

የሁለቱ አውንሶች ልዩነት 9.7 በመቶ ነው። አሳሳችነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱ እጥፍ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ትነቃበት ነበር። አሥር በመቶ የማይሞላ ስሕተት ግን ከእጅ ዋጋው ጋር ስለሚቀራረብ፣ የተሳሳተው ውጤት ሊያሳምን የሚችል ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። አንተም ሐቀኛ የሆነን ዋጋ የሐሰት ወርቅ ምልክት አድርገህ ያየኸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቀሓ ወንዝ ማዶ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ የማውቀው ከዚህ ይለያል። አያቶቻችን ወርቅ የሚመዝኑት በወቄት ነበር። ወቄት ማለት ደግሞ የአንድ ማሪያ ቴሬዛ ብር ክብደት፣ 28 ግራም ገደማ ነው። በመዝገበ ቃላትም አውንስን «ወቄት» ብለው ሲተረጉሙት አይቻለሁ። ስለዚህ ጠያቂው በ28 ማካፈሉ በአገራችን ልማድ ስሕተት አይመስለኝም። 31 የሚለው የፈረንጅ ቁጥር እዚህ ጎንደር ያለውን ወርቅ ቤት እንዴት ይመለከተዋል?

አንጥረኛ የነበርኩ

ልጄ፣ ስለ ወቄት የተናገርከው እውነት ነው። እኔ ከአባቴ ሙያውን ስማር 1780 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ማሪያ ቴሬዛ ብር እንደ መመዘኛ ድንጋይ በሚዛኑ አንድ ጎን እያስቀመጥን ስንመዝን ደርሼበታለሁ። ብሩ ሲደክምና ጠርዙ ሲበላ ክብደቱ ስለሚጎድል አባቴ ለሚዛን የሚሆነውን መርጦ ለብቻው ያስቀምጥ ነበር። ያልተበላው ብር 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል።

ነገር ግን ሁለት ነገር ተደባልቆብሃል። ወቄት እዚህ የሚሸጠውን ወርቅ የምንመዝንበት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሁላችንም በግራም እንመዝናለን። ጠያቂው ያካፈለው ግን የእኛን ሚዛን ሳይሆን በውጭ አገር ገበያ የተነገረን ዋጋ ነው። ዋጋው 4,000 ዶላር የተባለው ለ31.1 ግራም ወርቅ ከሆነ፣ አንተ ለ28 ግራም ነው ብለህ ብታካፍለው ሻጩ ያልሰጠውን ዋጋ ሰጥተኸዋል ማለት ነው። ዋጋ የሚካፈለው በተነገረበት መስፈሪያ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ይህን ያህል አወጣ ሲሉህ ለመቶ ኪሎ ታካፍላለህ እንጂ በቤትህ ባለው ቁና ልክ አታካፍልም።

ወቄትም አውንስም ቢባሉ ስማቸው አንድ ይመስላል እንጂ ክብደታቸው አንድ አይደለም። በመዝገበ ቃላት አንዱ በሌላው መተርጎሙ ለንባብ ይጠቅማል፤ ለሚዛን ግን አይሆንም።

ከቀሓ ወንዝ ማዶ

አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ገብቶኛል። ወቄቱ ለሚዛን፣ አውንሱ ለውጭው ዋጋ መሆኑን አልለየሁም ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በ18 ካራት ውስጥ ወርቅ ያልሆነው አንድ አራተኛ በሂሳቡ እንደ ባዶ ተቆጥሯል። እርሱስ ዋጋ የለውም?

አንጥረኛ የነበርኩ

ቅይጡ መዳብና ብር ነው። መዳብ ከወርቅ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ብር ይሻላል፤ ነገር ግን ያ አራተኛ በሙሉ ብር ቢሆን እንኳ በግራም ዋጋው ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው። ማንም ወርቅ ቤት ይህን ለይቶ ሲያስከፍል አላየሁም፤ ስለዚህ እንደ ባዶ መቁጠሩ አይጎዳችሁም።

የአዘዞዋ እናት

እኔም የራሴን ላቅርብ። የእናቴ የነበረ ቀለበት አለኝ፤ መካከሉ ላይ ድንጋይ አለበት። ልሸጠው ሄጄ ስጠይቅ አንዱ ወርቅ ቤት 18 ካራት ነው አለኝ፤ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግን 6.2 ግራም ሆነ። ካራት ክብደት ከሆነ 18ቱ ወዴት ሄደ ብዬ ተከራከርኩ። በመጨረሻም የሰጠኝ ዋጋ እዚህ ከጻፋችሁት 14,468 በጣም ያነሰ ነበር። በእናንተ ሂሳብ ከሄድኩ 89,700 ብር ማግኘት ነበረብኝ። ተበደልኩ ማለት ነው?

ደብተር ያዥ

እህቴ፣ የእርስዎ ጉዳይ ከጠያቂው ይለያል፤ እርሱ ሊገዛ ነው፣ እርስዎ ሊሸጡ ነው። ቢሆንም መልሱ ከዚሁ ሂሳብ ስለሚነሳ ልመልስልዎት። በወርቅ ላይ ካራት የሚባለው የንጽሕና መጠን እንጂ ክብደት አይደለም፤ ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው ማለት ነው። የከበረ ድንጋይ ሲመዘን ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራ መለኪያ አለ፤ እርሱ ክብደት ሲሆን አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። በአንድ ቀለበት ላይ ሁለቱም ሊነገሩ ስለሚችሉ መደባለቃቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

6.2 ግራሙ ድንጋዩን ይጨምራል ወይስ ያለ ድንጋዩ ነው? ድንጋዩ ጭምር ከሆነ የ89,700 ብሩ ሂሳብ ከመነሻው አይሠራም፤ ድንጋዩም በወርቅ ዋጋ ተቆጥሯልና። በተጨማሪም ወርቅ ቤት አሮጌ ወርቅ ሲገዛ ማቅለጫውንና ትርፉን ስለሚቀንስ ሙሉውን የዓለም ዋጋ አይሰጥም። ተበድለዋል ወይስ አልተበደሉም ለማለት የተሰጠዎትን ቁጥርና የድንጋዩን ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል።

የአዘዞዋ እናት

ከነድንጋዩ ነው የተመዘነው። የሰጠኝን ዋጋ በትክክል አላስታውሰውም። ድንጋዩን አስወጥቼ አስመዝኜ እመለሳለሁ።

አንጥረኛ የነበርኩ

እትዬ፣ ድንጋዩን ራስዎ በመርፌ እንዳይፈነቅሉት፤ ጥፍሮቹ ይሰበራሉ። ሊገዛዎት ያልሆነ ሌላ አንጥረኛ ያውጣልዎት፤ ከዚያ ሁለቱን ለየብቻ ያስመዝኑ።

ሥሌት ወዳጅ

ከዋናው ጉዳይ ላይ አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ። እስካሁን የተከራከራችሁት 31.1 ነው ወይስ 28.35 በሚለው ላይ ነው፤ እርሱ ተፈትቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን 150 የሚለው ቁጥር ነው። በባንክ 150 ቢሆንም ከባንክ ውጭ በ165 የሚመነዝሩ አሉ ብለው ነግረውኛል። ይህንኑ ሂሳብ በ165 ብንሠራው የ18 ካራቱ አንድ ግራም 15,915 ብር ይደርሳል። ይህ ደግሞ እንደገና ከተጠየቀው 15,600 በላይ ነው! ስለዚህ ጠያቂው በተሳሳተው አውንስ ያገኘው ጥርጣሬ በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል። ወርቅ ቤቱ የሚያሰላው በየትኛው ምንዛሪ ነው?

ደብተር ያዥ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የእኔ መልስ ግን በባንኩ ነው። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ የሚገዛበትን ዋጋ በግራም ያወጣል። ያን ዋጋ ከእኛ የ24 ካራት ቁጥር ጋር ብታነጻጽሩት የትኛው ምንዛሪ እንደሚቀርብ ይታያችኋል። መነሻው ሕጋዊው ምንዛሪ ካልሆነ ማንኛውም ዋጋ ልክ ይመስላል፤ ምክንያቱም ለተጠየቀው ዋጋ የሚስማማ ምንዛሪ ፈልጎ ማምጣት ይቻላል።

አንጥረኛ የነበርኩ

በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የጎንደር ወርቅ ቤት ከውጭ በዶላር ወርቅ አያስመጣም። የሚሠራው ከሕዝብ በሚገዛው አሮጌ ወርቅ ነው፤ የቀረውን ከአዲስ አበባ ያገኛል። እኔ በሠራሁበት ጊዜ የዕለቱ ዋጋ ከአዲስ አበባ ነጋዴዎች በስልክ ይነገረን ነበር እንጂ እኛ አውንስ አናካፍልም ነበር። ያ ዋጋ የባንኩንም የውጭውንም ምንዛሪ አይቶ መካከል ላይ የሚቆም ነው። አንዳንድ ሳምንት ወደ አንዱ፣ ሌላ ሳምንት ወደ ሌላው ያዘነብላል። ስለዚህ ጠያቂው በስሌት የሚያገኘው ወለል ነው፤ ትክክለኛው የገበያ ዋጋ አይደለም።

ሥሌት ወዳጅ

ታዲያ ወለሉ ራሱ በ14,468 እና በ15,915 መካከል የሚንሸራተት ከሆነ፣ ልዩነቱ ሁለቱን አውንሶች በመደባለቅ የመጣውን ስሕተት ያህላል ማለት ነው። የአውንሱ ቁጥር ግን በማንም ስምምነት የማይለወጥ ቋሚ ነገር ስለሆነ፣ ቢያንስ እርሱን ማረም ይቻላል።

የማራኪው ልጅ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የተሳሳትኩት በአውንሱ መሆኑን ተረድቻለሁ፤ ሰውዬውንም ያለ ጥፋቱ በመጠርጠሬ አዝኛለሁ። ሆኖም ዋጋው ትክክል መሆኑ ወርቁ 18 ካራት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆነኝም። መቆለፊያው ላይ 750 የሚል ማሕተም አይቻለሁ። እርሱ ይበቃል?

አንጥረኛ የነበርኩ

750 ማለት ከሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ እጁ ወርቅ ነው ማለት ነው፤ ካንተ 0.75 ጋር አንድ ነው። 21 ካራት ቢሆን 875 ይል ነበር። ማሕተሙ የሚነግርህ አምራቹ የተናገረውን ነው፤ ማሕተም ደግሞ ማንም ሊመታው ይችላል። ደግሞም ማሕተሙ ያለው መቆለፊያው ላይ ብቻ ከሆነ የሰንሰለቱ ምስክር አይሆንም፤ መቆለፊያ ተለውጦ ሊገጠም ይችላልና።

እኛ የምንፈትነው በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ነው። ሐብሉን ድንጋዩ ላይ አሽተህ መስመር ታወጣለህ፤ ካራቱ በሚታወቅ የመፈተኛ መርፌ ከጎኑ ሌላ መስመር ታወጣለህ። ከዚያ በሁለቱም ላይ አሲዱን ታንጠባጥባለህ። ለ18 ካራት በተዘጋጀው አሲድ የሐብሉ መስመር ከመርፌው ቀድሞ ከደበዘዘ ካራቱ ያንሳል። መስመሩን ከሰንሰለቱ ከሁለት ከሦስት ቦታ አስወጣ። መበየጃው ያለበትን መጋጠሚያ ግን ተወው፤ የመበየጃው ወርቅ ቶሎ እንዲቀልጥ ተደርጎ የተቀየጠ ስለሆነ ዝቅ ያለ ሆኖ ሊያሳይህና ያለ ምክንያት ሊያስደነግጥህ ይችላል። ይህ ፈተና ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚያየው፤ በወርቅ የተለበጠ ነገር ግን በደንብ ከታሸ ውስጡን ያሳያል። ደንበኛ ሲጠይቅ ፊቱ የሚፈትን ወርቅ ቤት ብዙ ነው፤ ጠይቅ፣ ነውር አይደለም።

ደብተር ያዥ

ስትሄድ ሁለት ነገር አብረህ አጣራ። መጀመሪያ፣ ሚዛኑ እስከ ስንት የነጥብ ቤት ያሳያል? 12.4 የተባለው አንድ የነጥብ ቤት ብቻ ያለው ሚዛን ከሆነ፣ እውነተኛው ክብደት ከ12.35 እስከ 12.45 በየትኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል። በ15,600 ሲታሰብ ያ 0.1 ግራም 1,560 ብር ነው። ሁለት የነጥብ ቤት ያለው ሚዛን ካለ በዚያ ይመዝኑልህ።

ሁለተኛ፣ 15,600ው ቫትን ይጨምራል ወይስ ቫት በኋላ ይታከላል? 15 በመቶ ቀላል አይደለም፤ ከአውንሱ ስሕተት ይበልጣል። እኔ ከላይ 8 በመቶ ያልኩትም የተጠየቀው ዋጋ ያለ ቫት ነው በሚል ግምት ነው።

አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ዋጋውን ያየኸው ቅዳሜ ከሆነ፣ የዓለም ገበያ ቅዳሜና እሑድ ስለሚዘጋ ስልክህ ላይ የነበረው የዓርብ መዝጊያ ዋጋ ነው። ሰኞ ገበያው ሲከፈት ሊዘል ይችላል። ወርቅ ቤቱን በጠየቅክበት ሰዓትና ስልክህን ባየህበት ሰዓት መካከል ቀናት ካሉ ንጽጽሩ ይፈርሳል።

የማራኪው ልጅ (ጥያቄ አቅራቢ)

ዛሬ ተመልሼ ሄጄ የሆነውን ልንገራችሁ። ስልኬ ላይ ያለው ዋጋ ብዙም አልተለወጠም፤ 4,000 ዙሪያ ነው። ባለ ሁለት ነጥብ ቤት ሚዛን ስለነበራቸው በእርሱ ሲመዘን ሐብሉ 12.37 ግራም ሆነ፤ በ15,600 ሲታሰብ 192,972 ብር ይመጣል፤ ከመጀመሪያው በ468 ብር ይቀንሳል። በመፈተኛው ድንጋይ ላይም ከሰንሰለቱ ሁለት ቦታ አሽተው ከመርፌው መስመር ጋር አነጻጽረው አሳዩኝ፤ ሁለቱም እኩል ቆሙ።

ቫቱ ግን የተጨመረበት አልነበረም። ከነቫቱ 221,918 ብር ይሆናል፤ በግራም 17,940 ብር መሆኑ ነው። ይህን ከ14,468 ጋር ሳነጻጽር ልዩነቱ 24 በመቶ ሆነብኝና ግራ ገባኝ።

ደብተር ያዥ

ሁለቱን አትደባልቃቸው። ወርቅ ቤቶችን እርስ በርስ ለማወዳደር 15,600ውን ከ14,468 ጋር አስተያይ፤ በሄድክበት ወርቅ ቤት ሁሉ ያለ ቫቱን ዋጋ ጠይቅ። ልክፈል ወይስ ልተው ለማለት ግን ከኪስህ የሚወጣው 221,918 ነው። ሐብሉን ነገ መልሰህ ብትሸጠው የከፈልከው ቫትም የእጅ ዋጋውም አይመለስልህም።

ሥሌት ወዳጅ

የምንዛሪው ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም። ባለቤቱን በስንት እንደሚያሰላ ጠይቀኸው ነበር?

የማራኪው ልጅ (ጥያቄ አቅራቢ)

ጠይቄው ነበር። «እኔ በዶላር አላሰላም፤ ጠዋት የሚነገረኝን ዋጋ ነው የምይዘው» አለኝ። ጋሼ የተናገሩት ማለት ነው። ነገ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያሉ ሌሎች ሁለት ወርቅ ቤቶችን ለ18 ካራት ያለ ቫት ስንት እንደሚሉ እጠይቅና ሦስቱን ቁጥሮች እዚህ አስቀምጣለሁ።